እርማት፦ «በልታ ስለምትውጠው ጨጓራዋን አይነካትም»

«እናቴ 70 ዓመቷ ነው፤ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። ለጉልበቷ ሕመም በየቀኑ አይቡፕሮፌን ትወስዳለች። እንጀራ በልታ ስለምትውጠው ጨጓራዋን አይነካትም አይደል?»

ይነካታል። ምግብ ቢያስታግስ ማቃጠሉን ነው። ዋናው ጉዳት የሚመጣው በደም በኩል ነው። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ገብቶ ሕመም የሚያባብሰው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር እንዳይመረት ያግዳል። ጣጣው ግን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚከላከለው ልጋግም የሚመረተው በዚሁ ፕሮስታግላንዲን እርዳታ ነው። በዕድሜ ደግሞ መከላከያው ራሱ ይሳሳል።

«ኧረ ምንም አላመመኝ» ብትልህም አትዘናጋ። በዕድሜ በገፉ ሰዎች የጨጓራ ቁስል ሳያም ሊደማ ይችላል። ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ስትነሳ ካዞራት በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዳት። ለልቧ አስፒሪን የምትወስድ ከሆነ አደጋው ይብሳል። ፓራሲታሞል ወይም የሚቀባ ጄል ይበቃት እንደሆነ፣ ካልበቃትም የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ይታዘዝላት እንደሆነ ሐኪሟን ጠይቅ።