የምኒልክ ልጅ ምን አጠባችው?

«ልጅ ኢያሱ እስልምናን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶ ያደገ ነው። በ1909 የደረሰበትም ከአስተዳደጉ የመጣ ነው።»

ይህ ሰሞኑን እዚሁ ደሴ፣ በአንድ የታሪክ ውይይት ላይ ከመድረክ የተነገረ ነው፤ የአፄ ምኒልክ የልጅ ልጅና አልጋ ወራሽ የነበረው ኢያሱ በ1909 «ሃይማኖቱን ለወጠ» ተብሎ ከሥልጣን መውረዱን ማለታቸው ነው። ተጨበጨበለትም። የኢያሱ አባት ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ባለበት ከተማ እንዲህ ተብሎ ሲጨበጨብ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ለመሆኑ የልጁ እናት ማን ነበሩ? ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ የአፄ ምኒልክ ልጅ! የሸዋው ንጉሥ ልጅ እስልምናን ከየት አምጥተው ያጥቡት? ደግሞም ሸዋረጋ ልጃቸውን ሳያሳድጉ ነው የሞቱት። ተናጋሪው ጡት ከማንሳታቸው በፊት የጡቱን ባለቤት ቢጠይቁ ምን ነበረበት?

ወደ አባት እንሂድ። ራስ ሚካኤል ኢማም መሐመድ አሊ ነበሩ፤ ይህን የማያውቅ ወሎዬ የለም። በ1870 ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው ቦሩ ሜዳ ተጠመቁ፣ ክርስትና ያነሷቸውም አፄ ዮሐንስ ናቸው። ኢያሱ የተወለደው በ1887 ገደማ ነው። ልጁ ሲመጣ አባቱ ክርስቲያን ከተባሉ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ጥምቀቱ ሥልጣንን ለማትረፍ የተደረገ ነው ቢባል አልከራከርም፣ ሥልጣን ያለበት ጥምቀት ነው። ዘመዶቻቸውም በእስልምናቸው ቀርተዋል፤ ልጁ በአባቱ ግቢ ዱዓ ሰምቶ አያውቅም ብዬም አልምልም። ነገር ግን ፋሲካን እቤቱ፣ ኢድን አክስቱ ዘንድ የሚውል ልጅ ወሎ ውስጥ መቼ ብርቅ ሆኖ ያውቃል? ዱዓ መስማት ሌላ፣ ተጠምቆ የክርስቲያን አልጋ ወራሽ ሆኖ ማደግ ሌላ።

ደግሞ ማን እጅ እንዳደገ እንይ። ገና በልጅነቱ ወደ አያቱ ቤተ መንግሥት ተወሰደ። በምኒልክ ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ። ያ ትምህርት ቤት ሲከፈት ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ዘመናዊውን ትምህርት በመጠርጠራቸው መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች እንዲሆኑ ተደርጓል። በኋላ ከሃዲ ብለው ያወገዙት ጳጳስ ይሁንታቸውን በሰጡት ትምህርት ቤት ነው የተማረው ማለት ነው። በ1901 ያገባት ሮማነወርቅ መንገሻም የአፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ናት። አባትየውን ክርስትና ያነሱት ንጉሥ የልጅ ልጅ ለልጅየው ተዳረች። እስላም አድርጎ የሚያሳድግ ቤት እንዲህ ነው የሚድር?

ዋናው ነገር ግን መሐላው ነው፤ የሚዘለለውም እሱ ነው። ምኒልክ የልጅ ልጃቸውን አልጋ ወራሽ ሲያደርጉ መኳንንቱንና ሕዝቡን በመሐላና በግዝት አስረዋል። ንጉሡ ቢሞቱም ግዝቱ አይሞትም። ስለዚህ የሸዋ መኳንንት ልጁን በዞረበት መዞር፣ በናቃቸው መናቅ፣ በጦርነቱ ዘመን ከቱርክና ከጀርመን ጋር በጀመረው መወዳጀት፣ በፈለጉት በደል ሁሉ ቢከሱት ከግዝቱ አይወጡም ነበር። ከግዝት የሚፈታ አንድ በር ብቻ ነበር፦ «ሃይማኖቱን ለወጠ» ማለት። መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል ዕለት፣ ጳጳሱ ከመሐላው የፈቷቸውም በዚሁ በር ነው። ክሱ መጀመሪያ ተፈለገ፣ ማስረጃ ኋላ ተለቀመለት፣ «አስተዳደጉ ነው» የሚለው ደግሞ የለቀማው ትርፍ ነው። ያ ክስ ሙያውን ሠርቶ አልፏል፤ እኛ ዛሬ በደሴ መድረክ ላይ ምን አስቸኩሎን ነው እንደ አዲስ የምንፈርድበት?

ሐረር ሻሽ ጠመጠመ፣ የአባ ጅፋርን ልጅ አገባ ይሉኛል። አግብቷል። አያቱስ አገር ያቀኑት ባላባቱን ሁሉ በጋብቻ እያሰሩ አልነበረም? ያ የጎለመሰ ገዥ ፖለቲካ ነው፤ በሕፃንነት ከማን እጅ እንደበላ አይነግረንም።

አስተዳደጉን መውቀስ ለፈለገ እኔ ቦታውን ላሳየው። ሞግዚቱ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ሲሞቱ ልጁ ገና ዐሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። በላዩ ሌላ ሞግዚት አልተቀመጠም። ምኒልክ በሕመም ተኝተዋል፣ አባቱ ወሎ ናቸው። የጀመረው ትምህርት በአጭር ቀረ፣ ተው የሚለው ሰው ጠፋ፣ ያለ አንድ ተቆጪ አገር በእጁ ገባ። ቄስም ሼህም ያላሳደገው እዚያ ላይ ነው፤ ተናጋሪያችን ግን ይህችን አንዲት ዓመት እንኳ አላነሷትም።