«እንሞክራለን» አይባልም!

የፋሲካ ዕለት አማት ቤት ማዕድ ቀርቦ ሰው ሲጠበቅ «ለካ ለእናቴ ቃል ገብቼ ነበር» ብሎ መደወል ምን የሚሉት ነው? አሁንስ በዛ! ዶሮው 12 ብልት ነው፤ እንቁላሉም በሰው ቁጥር ይቀቀላል። ከሂርማታ ገበያ ሽንኩርቱ ሳይገዛ መናገር ምን ይከብዳል?

ደግሞ ለምን ምራት ትደውላለች? ልጃቸው ራሱ ይደውል! እሷ ስትናገር «ከለከለችው» ይባላል። «እንሞክራለን» ማለትማ እዚህ ጅማ የሚሰማው «እንመጣለን» ተብሎ ነው። «እማዬ፣ እሁድን ለእሷ ቤተሰብ ቀድመን ቃል ገብተናል፤ ሰኞ ለምሳ አንቺ ጋ ነን» ይበል። ቀኑን ቆርጦ! «አንድ ቀን ብቅ እንላለን» ብሎ ነገር የለም።

ሰኞም ድፎውን ይዞ ሄዶ፣ በረካው እስኪጠጣ መቀመጥ ነው። በአቦል መነሳት ሌላ ቅያሜ ነው!