የቦንዱ ማብቂያ ቀን ብቻውን አይበቃም

«ከ5 ዓመት በኋላ ለልጄ ኮሌጅ 50,000 ዶላር መክፈል አለብኝ። የ5 ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ቦንድ ገዝቼ ብቀመጥ አይበቃኝም?»

ላይበቃ ይችላል። ችግሩ ያለው ቦንዱ በየመሀሉ የሚከፍለው ወለድ፣ ማለትም ኩፖኑ ላይ ነው። ያ ወለድ እስከ ክፍያው ቀን እንደገና መሥራት አለበት፤ የገበያው ወለድ ከወረደ ደግሞ የሚያመጣው ትንሽ ነው።

ስለዚህ ከክፍያው ቀን ጋር መገጠም ያለበት ዱሬሽኑ ነው። ዱሬሽን የቦንዱ ክፍያዎች፣ እያንዳንዱ በዛሬ ዋጋው ተመዝኖ፣ በአማካይ ከስንት ዓመት በኋላ እጃችን እንደሚገቡ ይነግራል። እንግሊዛዊው የኢንሹራንስ ስሌት ባለሙያ ፍራንክ ሬዲንግተን በ1952 ይህን ዘዴ ከክትባት ጋር አመሳስሎ «ኢሙናይዜሽን» የሚል ስም አወጣለት።

በቁጥር እንየው። የገበያው ወለድ 4 በመቶ ነው፣ ቦንዶቹም በዓመት አንዴ 4 በመቶ ይከፍላሉ እንበል። የአሜሪካ መንግሥት በዓመት ሁለቴ ነው የሚከፍለው፤ ሂሳቡ እንዲቀል ነው እንዲህ ያልኩት። የ50,000ው የዛሬ ዋጋ 41,096 ዶላር ገደማ ነው። የ5 ዓመቱ ቦንድ ዱሬሽን 4.63፣ የ7 ዓመቱ 6.24 ነው። ከገንዘቡ 77 በመቶውን በመጀመሪያው፣ 23 በመቶውን በሁለተኛው ብናደርገው አማካዩ 5 ይመጣል።

ገዝተን ሳንውል ሳናድር ወለዱ ወደ 2 በመቶ ወረደ እንበል። የ5 ዓመቱን ብቻ የገዛ ሰው በቀኑ የሚያገኘው 49,650 ገደማ ነው። ቅልቅሉ ግን 50,018 ይሰጣል። ኩፖኑ ያጣውን፣ ያኔ 2 ዓመት የሚቀረው የ7 ዓመቱ ቦንድ በውድ ተሸጦ ይተካዋል። ወለዱ ወደ 6 ቢወጣም ያው 50,016 አካባቢ ነው። አሁን ቦንዱ በርካሽ ይሸጣል፣ ኩፖኑ ግን የበለጠ ሠርቷል።

ሰው የሚዘናጋው ከገዛ በኋላ ነው። በዓመቱ ቀሪው ጊዜ 4 ዓመት ይሆናል። ኩፖኑን መልሰን በእነዚያው ቦንዶች በዚያው ድርሻ ካስገባነው ግን ዱሬሽኑ 4.16 ነው። ከቀሪው ጊዜ ረዝሟል ማለት ነው። ወለዱ እዚያው 4 በመቶ ላይ ከሆነ የረጅሙን ቦንድ ድርሻ ወደ 13 በመቶ አካባቢ ማውረድ ያስፈልጋል። ይህን በየዓመቱ፣ ወለዱ በጣም ሲንቀሳቀስም ወዲያው ማስላት ግድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ስሌቱ የአጭሩም የረጅሙም ጊዜ ወለድ እኩል ሲንቀሳቀስ ነው የሚሠራው። የረጅሙ ብቻ ከወጣ የ7 ዓመቱ ቦንድ ይረክሳል፣ የ5 ዓመቱ ኩፖን ግን አይክሰውም። የ2 እና የ30 ዓመት ቦንድ ቀላቅሎም 5 ማምጣት ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ከክፍያው ቀን በራቁ ቁጥር እንዲህ ያለው ጉዳት ይብሳል።

በመሀል ወለድ የማይከፍል፣ በዚያው ሰሞን የሚያበቃ የመንግሥት ቦንድ ከተገኘ እሱን ይግዙ። ዱሬሽኑ ከቀሪ ዕድሜው ጋር አንድ ነው፤ በየዓመቱ ማስተካከልም አይጠይቅም።