ለ«ጎበዝ፣ በርቺ!» የቀረበ ውዳሴ

የትምህርት ቤት የሳይንስ አውደ ርዕይ ሲመጣ የኛን መምህራንና የክብር እንግዶች ጥበብ ሳላደንቅ አላልፍም። ሕፃኗ ካርቶኗን አቁማ፣ ኩባያዎቿን ደርድራ ትጠብቃለች። እንግዳው ጎንበስ ይላል። «ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» «ዶክተር።» «ጎበዝ፣ በርቺ!» ፎቶ። ቀጣይ ጠረጴዛ። ስለ ሙከራው አንዲት ቃል ሳይነሳ ሳይንስ ተጎበኘ ማለት ነው፤ ይሄ ቀላል ችሎታ እንዳይመስላችሁ።

መጠየቅ እኮ አደጋ አለው። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሁለት ኩባያ ላይ ቦሎቄ ዘራች እንበል። አንዱን መስኮት ላይ፣ ሌላውን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠች። ካርቶኑ ላይ «ተክል ለማደግ ብርሃን ያስፈልገዋል» ብላ በማርከር ጽፋለች። ከቀናት በኋላ በማስመሪያ ስትለካ የቁም ሳጥኑ በልጦ ቁጭ! ቁመቱን እንዳየችው ጻፈችው፣ የዋህ ናት። ደጉ መምህራችን አይቶ ምን አለ? «ተሳስተሻል፣ መጽሐፉ እንደዚህ አይልም፣ አስተካክይው።» ተባረክ! ልጅቷን ከማሰብ አዳንካት።

ምክንያቱም አንድ ወሬኛ መጥቶ «እስቲ ሁለቱን አስተያይተሽ ንገሪኝ፣ ምን ምን ይለያቸዋል?» ቢላትስ? የጨለማው ረጅም ቢሆንም ቀጭንና ቢጫ እንደሆነ፣ ቅጠሉም ትንንሽ እንደሆነ ራሷ ትናገር ነበር። ከዚያ «ታዲያ ደህና አደገ የምትይው በምንድን ነው፣ በቁመት ነው ወይስ በቅጠል?» ይከተላል። ከዚህ በኋላ ማን ይመልሳታል! ቦሎቄ ለመብቀል ብርሃን የግድ እንደማያስፈልገው፣ ጨለማ ውስጥ ያለው ቡቃያ ፍሬው ውስጥ የተቀመጠለትን ምግብ እየበላ ብርሃን ፍለጋ እንደሚመዘዝ፣ ስንቁ ሲያልቅ ደግሞ እንደሚወድቅ ልትደርስበት ነው። መጽሐፉም ልክ፣ ማስመሪያውም ልክ ሊሆን ነው። ይሄ ሁሉ ጣጣ ከአንድ ጥያቄ!

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን «ከብርሃኑ ሌላስ ምን ይለያያል?» የሚለው ነው። ልጅ አይዋሽም። የመስኮቱን ጠዋት ጠዋት ስለምታየው ውሃ ታጠጣዋለች፣ የቁም ሳጥኑን ሁለት ቀን ረስታዋለች። መስኮቱ ጋ ደግሞ ቀን ቀን ይሞቃል። እንግዲህ ለውጡን ያመጣው ብርሃኑ ይሁን ውሃው ይሁን ሙቀቱ በምን ይታወቃል? «እንደገና ብትሠሪው ምን ትቀይሪያለሽ?» ብሎ የሚጨምርባት ጨካኝ ከተገኘማ አለቀላት፤ ሁለቱንም ኩባያ መስኮቱ ላይ አስቀምጣ፣ አፈሩን ከአንድ ቦታ አምጥታ፣ ውሃውን በአንድ ማንኪያ እየሰፈረች፣ አንደኛው ላይ ብቻ ካርቶን ትደፋበታለች። ሙቀቱም ይቀራረባል። የሦስተኛ ክፍል ልጅ እንዲህ ካሰበች እኛ ምን ልንሠራ ነው?

ኩባያው ውስጥ ያለው ፍሬም አንድ ነው። «ነቀዝ የበላው ቢሆንስ ኖሮ?» ብትሏት አምስት አምስት ልዝራ ትላለች። ቦሎቄ ደግሞ ተወዷል፣ ባትጠይቋት ይሻላል።

በእርግጥ የሚጠይቁም አሉን፣ አንበድላቸው። «ነፃ ተለዋዋጭሽ ምንድን ነው? ጥገኛ ተለዋዋጭሽስ?» ይላሉ ድምፃቸውን ወፈር አድርገው። ልጅቷ ትናንት ማታ የሸመደደችውን ትወጣዋለች፣ እነሱም ይረካሉ። ያንኑ ነገር «ሆን ብለሽ የቀየርሽው የቱን ነው? ምኑን ለካሽ? እንዳይለያይ የጠበቅሽውስ?» ብሎ በልጅ አፍ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ግን እሱ ቀሎ ሊገባት ይችላል፣ ክብርም የለው።

ደግነቱ ሽልማቱ ሁሌም ትክክለኛው ቦታ ይሄዳል፤ እሳተ ገሞራው ጋ። ቤኪንግ ሶዳ፣ አቼቶ፣ ቀይ ቀለም፣ አረፋው ገንፍሎ ጠረጴዛውን ሲያጥለቀልቅ ጭብጨባው ጣራ ይነካል። ምንም ያልተቀየረበት፣ ምንም ያልተለካበት፣ ውጤቱ ከመጀመሩ በፊት የሚታወቅ ነገር ማሳያ እንጂ ሙከራ አይደለም የሚል ምቀኛ አይጠፋም። «አቼቶውን በውሃ ብታቀጥነው አረፋው እስከ የት ይወጣል? ሦስቴ ብትሞክረውስ እኩል ይመጣል?» ብሎ ቢጠይቅ ሙከራ ይሆናልም ይላል። አትስሙት። ስንት ማንኪያ ሶዳ እንደገባበት እንኳ ልጁን የጠየቀው የለም። ቢጠየቅም የሚያውቁት አባትየው ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ መኪና ሊያቆሙ ወጥተዋል።