እርማት፦ የመርከብ ነዳጅ ገና አልጸዳም

«ከ2020 ወዲህ መርከብ የሚሄደው በንጹህ ናፍጣ ነው። የጅቡቲን ወደብ አየር የሚያበላሹት ከድሬ የሚወርዱት ከባድ መኪናዎች ብቻ ናቸው።»

ወንድሜ፣ በፈረንጆቹ 2020 የሆነው ሌላ ነው። በመርከብ ነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደው ሰልፈር ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ወረደ። ትልቅ ለውጥ ነው። ንጹህ ግን አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ለመኪና ናፍጣ የሚፈቀደው 0.001 በመቶ ነው። የመርከቡ የዚህ 500 እጥፍ ነው ማለት ነው።

እስቲ እናስላው። መርከብ ወደብ ሲቆም ዋናው ሞተር ይጠፋል። ለመብራትና ለማቀዝቀዣ ኮንቴነሮች ኃይል የሚሰጡት ጄነሬተሮች ግን ሌት ተቀን ይሠራሉ። በቀን 5 ቶን ነዳጅ አቃጠሉ እንበል። በ0.5 በመቶ ስሌት 25 ኪሎ ሰልፈር አለበት። ሲቃጠል ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ 50 ኪሎ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በአውሮፓው ናፍጣ ቢሆን 100 ግራም ብቻ ነበር።

ጋዙ ቀለም የለውም። ስለዚህ ጭሱ ስላልጠቆረ ብቻ ንጹህ ነው ማለት አይቻልም። አየር ላይ ቆይቶም ወደ ደቃቅ ብናኝ ይለወጣል፤ ሳንባ ድረስ ዘልቆ የሚገባው እሱ ነው። አስም ያለበት የወደብ ሠራተኛ ጋዙን ራሱን ቶሎ ያውቀዋል፤ ደረቱ ይጨመደዳል።

መኪናዎቻችን ንጹህ ናቸው አላልኩም። ጥቁር ጭሳቸውን ደቻቱ ድልድይ ላይ ሁላችንም እናየዋለን። ግን በመርከብ ነዳጅ ውስጥ 0.1 በመቶ ሰልፈር ብቻ የሚፈቀድባቸው ልዩ የባሕር ክልሎች አሉ፤ ሜዲትራንያን በ2025 ገብቷል፣ ቀይ ባሕር ግን የለበትም።