ሽቶው በሻንጣ ያልፋል፣ በፖስታ ይመለሳል

«ከዋሽንግተን ለእናቴ አንድ ጠርሙስ ሽቶ ልልክ ፖስታ ቤት ሄጄ መለሱኝ። ባለፈው ዓመት ስድስት ጠርሙስ በሻንጣዬ ይዤ አዲስ አበባ ስገባ ግን ማንም ምንም አላለኝም። የሚጭነው ያው አውሮፕላን አይደለም ወይ?»

ብዙ ጊዜ ያው አውሮፕላን ነው። የፖስታ ከረጢትና የመንገደኛ ሻንጣ በአንድ የጭነት ክፍል ጎን ለጎን ይጓዛሉ። ልዩነቱ ያለው ስለ ዕቃው የሚጠየቅ ሰው በመኖሩና ባለመኖሩ ላይ ነው። ይህን ልዩነት ካልያዝን ሕጉ የሹማምንት ግትርነት ይመስለናል፤ እኔ ግን ትክክለኛ ሕግ ነው እላለሁ።

ከሽቶው እንጀምር። የካርቶኑን ጀርባ ያየ ሰው ከንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ አልኮልን ያገኛል። የተለመደው የሚረጭ ሽቶ ከሦስት እጅ ሁለቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ አልኮል ነው። እንዲህ ያለ ፈሳሽ ሃያ ዲግሪ ገደማ ሙቀት ላይ ሲደርስ፣ አንዳንዱ ከዚያም በታች፣ ከላዩ የሚወጣው ትነት በአንዲት ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ይህ የአዲስ አበባ የቀትር ሙቀት ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ በዕቃ መካከል ይተኛል። በዚህ ምክንያት ሽቶ በአደገኛ ዕቃዎች የዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ ቁጥር 1266 ተሰጥቶት ከተቀጣጣይ ፈሳሾች ጋር ተመድቧል። ቤንዚንም የሚገኘው በዚያው ምድብ ነው።

እንዲያም ሆኖ ለመንገደኛ ተፈቅዷል። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ለእያንዳንዱ ሰው ለግል መዋቢያ የሚሆን በጠቅላላ 2 ሊትር ይፈቅዳል፤ አንዱ ዕቃ ደግሞ ከግማሽ ሊትር መብለጥ የለበትም። ብዙዎቻችን የምንስተው «በጠቅላላ» የምትለዋን ቃል ነው። ሽቶው፣ የፀጉር ስፕሬዩ፣ የሚረጨው ዲኦዶራንትና የጥፍር ቀለሙ አብረው ይቆጠራሉ። አንዲት መንገደኛ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዙ 12 ጠርሙስ ሽቶዎች ያዘች እንበል፤ 1,200 ሆነ። ሁለት ባለ 300 የፀጉር ስፕሬይ ስትጨምር 1,800 ደረሰ። ሁለት ባለ 150 ዲኦዶራንት ካከለች 2,100 ይሆናል፤ በአንድ ጠርሙስ አለፈች ማለት ነው። ሽቶዎቹን ብቻ ብትቆጥር ኖሮ ገና ብዙ የቀራት ይመስላት ነበር። ሻምፑና ሎሽን ተቀጣጣይ ስላልሆኑ ከዚህ ሒሳብ አይገቡም። በእጅ ሻንጣ የሚያዘው ደግሞ የሚለካው በጠርሙሱ መጠን እንጂ በቀረው ፈሳሽ አይደለም፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሚይዝ ዕቃ በማያሳልፉ አየር ማረፊያዎች 125 የሚይዝ ጠርሙስ ግማሹ ቢያልቅም ፍተሻው ላይ ይቀራል።

ይህ ሁሉ የተፈቀደው መንገደኛው ስላለ ነው። ስሙ ይታወቃል፣ ሻንጣው ላይ የእሱ ቁጥር ተለጥፏል፣ ምን እንደያዘ ይጠየቃል፣ ችግር ካለም ተጠርቶ ሻንጣውን ይከፍታል። የያዘውም የተወሰነ ነው። በፖስታ ግን የማይተዋወቁ ሺህ ሰዎች የላኩት እሽግ በአንድ ላይ ይከመራል። ስንቱ ውስጥ ሽቶ እንዳለ፣ በጋዜጣ ይጠቅለል በስፖንጅ፣ የሚያውቅ የለም። እሽጉ ይወረወራል፣ ሌላ እሽግ ይጫነዋል፣ ጠርሙሱ ቢሰነጠቅም ተጠርቶ የሚመጣ ባለቤት የለም። የአሜሪካ ፖስታ አልኮል ያለበትን ሽቶ ወደ ውጭ አገር ጨርሶ የማይልከውና በአገር ውስጥም በየብስ ብቻ የሚያጓጉዘው ለዚህ ነው። የብሪታንያው በአገር ውስጥ እያንዳንዱ ከ150 ሚሊ ሊትር የማይበልጥ እስከ አራት ጠርሙስ ይቀበላል፤ ወደ ውጭ ግን እሱም አይልክም።

ታዲያ የሚያሳዝነኝ ከተመለሱ በኋላ የሚደረገው ነው። ጠርሙሱን በሹራብ ጠቅልሎ ሌላ ፖስታ ቤት መሄድና የጉምሩክ ቅጹ ላይ «ልብስ» ብሎ መጻፍ። የኤክስሬይ መሣሪያው የጠርሙሱን ቅርጽና የመርጫውን ብረት ለይቶ ያሳያል። እሽጉ ከተያዘ ሽቶው አብሮት ከተላከው ልብስና መድኃኒት ጋር መንገድ ላይ ይቀራል። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ አደገኛ ዕቃን እያወቁ በፖስታ መላክ እስከ 100 ሺህ ዶላር የሚደርስ የገንዘብ ቅጣት አለው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ካልተያዘ የሚሆነው ያስፈራኛል፤ እዚያው አውሮፕላን ላይ የሰው ልጆች ተቀምጠዋል።

በሻንጣም ቢሆን ንጹሕ አይደለንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዱባይ ስመለስ አንዲት ዘመዴ በፕላስተር ዙሪያውን ያሸገችውን ካርቶን ለእህቷ እንዳደርስ ሰጠችኝ። «ልብስ ነው» አለችኝ፤ እኔም አልከፈትኩም። ቤት ገብቼ ሻንጣዬን ስከፍት ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ካርቶኑ በአንድ ጥጉ ረጥቦ አብጧል። ውስጡ አምስት ጠርሙስ ነበር፤ አንደኛው የተጀመረ ሲሆን ከመርጫው ሥር እያንጠባጠበ ሩቡ ጎድሏል።

ለምን እንደፈሰሰ የገባኝ በኋላ ነው። ዱባይ ከባሕር ጠለል ጋር እኩል ናት፤ ሲረጩበት የነበረ ጠርሙስ የዚያን አየር ግፊት በውስጡ ይዞ ይዘጋል። አውሮፕላኑ ከፍ ሲል በውስጡ ያለው የአየር ግፊት የሚቀንሰው እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር እስኪመሳሰል ነው። ያን ጊዜ ጠርሙሱ ውስጥ የታፈነው አየር ፈሳሹን በቀጭኗ ቱቦ ወደ መርጫው ይገፋዋል፤ መርጫው የላላ ከሆነ ያንጠባጥባል። ቦሌ ራሱ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አዲስ አበባ ውስጥ ሲረጩበት የከረመ ጠርሙስ ከዚህ ሲበር ይህ ግፊት እምብዛም አይነካውም። ወደዚህ የሚመጣው ነው የሚፈሰው። ስለዚህ የተጀመረ ሽቶ ባይላክ ይሻላል፤ ከተላከም ክዳኑ ተገጥሞ፣ አፉ በጥብቅ በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ ቆሞ ይግባ።

ያን ቀን የጠየቀኝ አልነበረም እንጂ ቢጠይቁኝ ኖሮ መልሱ «ልብስ ነው ብለውኛል» ነበር። የሻንጣው ባለቤት እኔ ሆኜ ሳለ የያዝኩትን አላውቅም ማለት ሻንጣዬን ወደ ፖስታ ከረጢት መለወጥ ነው። ዕቃ የሚያደርሱልን ሰዎች ውለታ ይውሉልናል፤ ከፍተው ሲያዩ «አላመኑኝም» ብሎ መቀየም ነውር ሊሆን ይገባል። ትኬት የሚሸጡልን ወኪሎችም ኪሎውን በአማርኛ እንደሚነግሩን ሁሉ የ2 ሊትሩን ጣሪያ በአማርኛ ጽፈው ቢሰጡን ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ወደ ጠያቂዬ ልመለስ። ፈጣን መልእክት አድራሽ ድርጅቶች ሽቶ የሚቀበሉት በአደገኛ ዕቃ ደንብ ታሽጎና ሰነድ ተሞልቶለት ሲቀርብ ነው፤ ለአንድ ጠርሙስ ይህ ከሽቶው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። አልኮል የሌለው የዘይት ሽቶ ከተቀጣጣይ ፈሳሽ ምድብ ሊወጣ ይችላል፤ ነገር ግን ይህን በመስኮቱ ላይ የሚያስረዳው የአምራቹ የደኅንነት መረጃ ሰነድ እንጂ የእርስዎ ቃል አይደለም። ስለዚህ ለእናትዎ የሚሻለው ለሚመጣ ሰው መስጠት ነው። ያልተከፈተ ጠርሙስ ይግዙ፣ ሌላ ስንት የሚረጭ ነገር እንደያዘ ይጠይቁት፣ ካርቶኑንም በፕላስተር ሳያሽጉ ይስጡት።