ዋይፋይ ሁሉ ነፃ ነው ያለው ማነው?

«ባክአፑ የሚሠራው በዋይፋይ ብቻ ነው። ያልፈለገ ሴቲንግ ገብቶ ያጥፋው።»

ስልካችንና ኮምፒውተራችን ሳይጠይቁን ባክአፕና አፕዴት እያሉ ዳታችንን ጨረሱት ብለው ለሚጮሁ ሰዎች ሰሞኑን የተወረወረላቸው መልስ ይኸው ነው።

በዋይፋይ ብቻ! ላፕቶፕ ከስልክ ሆትስፖት ጋር ሲገናኝ የሚያየው እኮ ዋይፋይ ነው። ዊንዶውስ ካልነገሩት በቀር አዲስ ያገኘውን ዋይፋይ ገደብ እንደሌለው ይቆጥረዋል። አንድ ኢሜይል ልላክ ብለው ሆትስፖት ሲከፍቱ፣ እሱ የተጠራቀመ አፕዴቱን ማውረድ ይጀምራል። ፎቶውንም ወደ ክላውድ ይጭናል። ጥቅሉ አለቀ፤ ኢሜይሉ ገና አልሄደም።

ያልተገደበ መስመር ያለውም አያመልጥም። ብዙ የቤት መስመር ለማውረድ ሰፊ፣ ለመጫን ጠባብ ነው። የመጫኛ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ነው እንበል። አንድ ሰው በስልኩ የ5 ደቂቃ የ4ኬ ቪዲዮ ቀረጸ። በቆጣቢው ቅርጸት እንኳ በደቂቃ 170 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ በጠቅላላው 850 መሆኑ ነው። ይህን ለመጫን መስመሩ ሌላ ሥራ ባይኖረው እንኳ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለ5 ደቂቃ ቪዲዮ! በዚያ ሰዓት የቪዲዮ ጥሪው ይቆራረጣል። ገጽ መክፈትም ይንቀራፈፋል፤ ምክንያቱም የሚያወርድ መሣሪያ «ደርሶኛል» የሚል ትንሽ ምላሽ መልሶ መላክ አለበት። ያ ምላሽ ራውተሩ ላይ ከቪዲዮው ኋላ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። ሰውየው ኢንተርኔት አቅራቢውን እየረገመ ራውተሩን አጥፍቶ ያበራል። ባክአፑም ካቆመበት ይቀጥላል!

የተጠራጠረ ሰው ዊንዶውስ ኮምፒውተሩ ላይ Command Prompt ከፍቶ ይህን ይጻፍ፦

```
ping -t 8.8.8.8
```

ከዚያ ስልኩ ላይ ያለውን ባክአፕ ለጊዜው ያቁም። በመቶዎች ሚሊሰከንድ ሲዋልል የነበረው time የሚለው ቁጥር ወዲያው ዝቅ ካለ፣ ሌባው ተያዘ።

«ሴቲንግ ገብቶ ያጥፋው» የሚሉትስ የትኛውን ሴቲንግ ነው? ዊንዶውስ ላይ Metered connection የሚለው ለእያንዳንዱ ዋይፋይ ለብቻው ነው የሚበራው። የክላውዱ ሌላ ቦታ ነው፤ የስልኩ ደግሞ ሌላ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲወጣ የሆም እና የፕሮ ተጠቃሚዎች ኮምፒውተር የአፕዴት ቁርጥራጮችን በኢንተርኔት ለማያውቋቸው ሰዎች እንዲያከፋፍል ተደርጎ ነበር የመጣው። Delivery Optimization ይሉታል። ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ ነው የሚያጠፋው?

የደኅንነት አፕዴት ያስፈልጋል፤ እሱን አልክድም። ግን ፋይሉ ስንት ሜጋባይት እንደሆነ ፕሮግራሙ ከማንም በፊት ያውቃል። 850 ሜጋባይት ልጭን ነው፣ አሁን ይሁን ወይስ ማታ ብሎ መጠየቅ ምን ይከብደዋል? ካሜራና ማይክሮፎን ለመንካት ፈቃድ የሚለምን ስልክ፣ ዳታዬ ላይ ሲደርስ ለምን ዝም እንደሚል «ያጥፋው» ከሚሉት አንዳቸውም አልመለሱም።